ኃላፊነት አንወስድም ያለው ሰሌዳ

ባለቤቴን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ጋሽ ጥላ በሚል ስም ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምናውቀው እኔና መታወቂያው ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ጋሽ ጥላ የተባለው በሥራው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ከቤታችን ጎን ያለውን ባዶ ግቢ የመኪና ማቆሚያ አደረገው። ሌላው ሰው ማቆሚያ ሲከፍት በር ላይ ቁጭ ብሎ ቲኬት ይቆርጣል፣ ይበቃዋል። የእኔ ሰውዬ ግን መኪና ፀሐይ ሲመታት ማየት አይችልም።

ግቢያችን በምሥራቅ በኩል ፎቅ ያዋስነዋል፣ መሐሉ ላይ ትልቅ ዛፍ አለ፣ በምዕራብ ደግሞ የመጋዘን ግንብ። ጠዋት ጥላው የፎቁ ነው፣ ቀትር ላይ የዛፉ፣ ከሰዓት በኋላ የግንቡ። ባለቤቴ ጥላውን እየተከተለ መኪኖቹን ሲያዘዋውር ይውላል። የዛፉ ሥር ለሁሉም ስለማይበቃ ተራ አለው፤ ዛሬ ፀሐይ ላይ የዋለች ነገ ቅድሚያ ታገኛለች። የትኛዋ ማርሽ እንደምትነክስ፣ የትኛዋ ፍሪሲዮኗ እንደላላ ከባለቤቶቹ ይበልጥ ያውቃል። ማታ ሰው ከሥራ ተመልሶ ሲገባ ወንበሩ ቀዝቅዞ፣ መሪው እጅ ሳያቃጥል ይጠብቀዋል። ታዲያ በዚህ የተነሳ ማንም ደንበኛ ግቢው ውስጥ አይገባም። በር ላይ ይወርዳል፣ ቁልፉን ይሰጠዋል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። ባለቤቴ ቁልፉን ሲቀበል ሁልጊዜ የሚላት አንዲት ቃል አለችው።

«ቁልፉ እኔ ጋ፣ ሐሳቡም እኔ ጋ።»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ በሩ አጠገብ ስለሆነ ይህችን ቃል ጠዋት ጠዋት ስንቴ እንደምሰማት አትጠይቁኝ። አንዳንዴ ትሰለቸኛለች። ቢሆንም እሱ ሲላት ደረቱ ነፋ ይላል፤ አውቶቡሱን ካስረከበ ወዲህ ደረቱ ሲነፋ የማየው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ስለ አማቻችን ልንገራችሁ። የአንዲት ልጃችን ባል ነው፣ ከእኔ ሱቅ ቀጥሎ ስልክ ይሸጣል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እንዲያውም ከልጄ ይልቅ እሱ ነው የሚጠይቀኝ። ግን ፈሪ ነው። የራስ ምታት ኪኒን ከመዋጡ በፊት ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ሰው ነው፣ አንብቦ ሲጨርስ ደግሞ ኪኒኑን ይተወዋል። ይኸው ልጅ ከተማ ውስጥ ሲዞር በየማቆሚያው በር ላይ የተሰቀለ ነገር አየና እየሮጠ መጣ። «አባባ፣ እኛ ብቻ ነን እርቃናችንን የቀረነው» አለ። በሳምንቱ ቀይ ፊደል ያለበት ትልቅ የብረት ሰሌዳ አሠርቶ ከች። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው «ለሚጠፋ ወይም ለሚጎዳ ተሽከርካሪ ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ነው።

ባለቤቴ አነበበው፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አነበበው። «ልጄ፣ ኃላፊነት ካልወሰድኩ ታዲያ እዚህ ምን ልሠራ ነው የተገተርኩት?» አለው። እውነት ለመናገር እኔ ያን ቀን ከአማቻችን ጋር ነበርኩ። አንዲት መኪና ብትጠፋ ቤታችን እንደሚሄድ ሳስብ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር፤ ሰሌዳ ከሰቀሉ የሚድኑ ከሆነ ይሰቀል አልኩ። ሁለት ለአንድ ሆንበት። እሱ ግን በር ላይ አይሰቀልም ብሎ ድርቅ አለ፤ ጠዋት በጠዋት ሰው ቁልፍ ሲሰጠኝ እንዲህ ያለ ነገር አያነብም አለ። በመጨረሻ ተስማማንና ሰሌዳው ወደ ውስጥ ገብቶ መሐል ካለው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ያንጠለጠለው አማቻችን ራሱ ነው፣ በቀጭን ሽቦ። ባለቤቴ ከሥር ቆሞ ይህ ሽቦ ንፋስ አይችልም ብሎት ነበር። አልሰሜን ግባ በለው ነው ነገሩ።

ማንም ደንበኛ የማይገባበት ቦታ ለማንም የማይታይ ማስታወቂያ ሰቅለን ተኛን። እኔም እንቅልፌን ለጥ አደርገው ጀመር።

የወደቀው ቀትር ላይ ነው። ባለቤቴ የጥርስ ሐኪሟን መኪና ከፎቁ ጥላ አውጥቶ ዛፉ ሥር አስገብቷታል፤ ተራዋ ነበር። ነፋስ ነፈሰ፣ ያውም ልብስ ከገመድ የማይጥል ነፋስ። እኔ ቀሚስ እየዘመዘምኩ የብረት ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ የመስታወት። ሮጬ ስገባ የሰሌዳው ጠርዝ የፊት መስታወቱን እንዳለ አርግፎት ሰሌዳው ኮፈኑ ላይ ተጋድሟል፣ ፊደሉ ወደ ላይ። መኪናዋን ራሱ ጎድቶ፣ ጉዳቱ ላይ ተኝቶ፣ ለሚጎዳ ተሽከርካሪ ኃላፊነት አንወስድም ይላል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ። ባለቤቴ ግን አልሳቀም፤ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ቆሞ ቀረ።

ይህች የጥርስ ሐኪም ተራ ደንበኛ አይደለችም። ማቆሚያው ሲከፈት የመጀመሪያውን ቁልፍ የሰጠችው እሷ ናት። ባለቤቴ የፊት ጥርሶቹን ያስተከለውም እሷ ጋ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ሰውየው ፈገግ ባለ ቁጥር የሚታየው የእሷ ሥራ ነው።

ማታ ስትመጣ አማቻችን ቀድሟት በር ላይ ቆሟል። ከዚያ በፊት ባለቤቴን ወደ ጓዳ ጎትቶ አደራ ብሎት ነበር፤ ይቅርታ እንዳትል፣ ይቅርታ ካልክ ጥፋቱን አመንክ ማለት ነው፣ ፍርድ ቤት ብንሄድ ያቺን ቃል ይይዙብናል ብሎታል። እሷ መኪናዋን አየች፣ ደነገጠች፣ ምን ሆና ነው አለች። አማቻችን ሰሌዳውን ከመሬት አንስቶ አሳያት። ሴትዮዋ ለእሱ አልመለሰችለትም። ወደ ባለቤቴ ዞረች።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ባለቤቴ ጫማውን አየ። እሷ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ቁልፏን ቁልፎቹ በር ላይ ከሚሰቀሉበት ምስማር ራሷ አነሳችና መካኒክ ጠርታ መኪናዋን አስወሰደች። ስትሄድ ደህና እደሩም አላለችን። ብዙም ሳይቆይ መጥሪያ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ባላስታውሰው ይሻለኛል። አማቻችን ክሱ እስኪያልቅ ድረስ ቁልፍ መቀበል ቀርቷል ብሎ አወጀ፤ ደንበኛው ራሱ ገብቶ ያቁም፣ ራሱ ይቆልፍ፣ ቁልፉን ይዞ ይሂድ። ባለቤቴ በር ላይ ተቀምጦ ቲኬት መቁረጥ ጀመረ። መኪኖቹ ጥላው ጥሏቸው ሄዶ ፀሐይ ላይ ተደርድረው ይውላሉ፣ እሱ እያያቸው ይውላል። ባዶዎቹን የቁልፍ ምስማሮች በጨርቅ ይወለውላል። ምግብ ይገፋል። ሰው ሲያስቀው እንኳ አፉን በእጁ ይሸፍናል። አንድ ማታ ምን ሆነሃል ብዬ አፋጠጥኩት።

«ለመከራከርም ጥርስ ያስፈልጋል» አለኝ። «የእኔ ጥርስ ደግሞ የእሷ ነው። በሷ ጥርስ እንዴት ብዬ በሷ ላይ ልናገር?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ባለቤቴን የጨነቀው መስታወት መክፈል አይደለም። ሰሌዳው ከረታ፣ እሱ እስከዛሬ ጠዋት ጠዋት ያላት ቃል ሁሉ ውሸት ሆና ትቀራለች፤ ከእንግዲህም ቁልፍ የሚሰጠው የለም። ቁልፍ ያልያዘ ጋሽ ጥላ ደግሞ በር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ሰሌዳው እንዲሸነፍ መጸለይ ጀመርኩ፣ ለአማቻችን ግን አልነገርኩትም።

የቀጠሮው ዕለት ግድግዳው ከወገብ በታች ቀለሙ የተላጠ ጠባብ ችሎት ውስጥ ገባን። ዳኛዋ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ከሳሽ የጥርስ ሐኪሟ፣ ተከሳሽ ባለቤቴ፣ አማቻችን ደግሞ የባለቤቴን ውክልና ይዞ ቆሟል። የሰፋሁለትን ሱፍ ለብሶ ነበርና ልክ ነገረ ፈጅ መስሏል፤ ልብሱ እንኳ አላሳፈረኝም።

ክርክሩን ሲጀምር ደህና ነበር። ማስታወቂያው ግልጽ ነው አለ፤ ማንኛውም ሰው መኪናውን ሲያቆም በዚህ ተስማምቶ ነው አለ፤ የጣለውም ነፋስ እንጂ ሰው አይደለም አለ። ዳኛዋ ጻፈችና ማስታወቂያው የት ነበር የተሰቀለው ብላ ጠየቀች። ዛፉ ላይ አላት። ደንበኞች ቁልፋቸውን የሚሰጡትስ? በር ላይ። በር ላይ ቆሞ ዛፉ ላይ ያለው ይነበባል? አማቻችን ትንሽ አሰበና ዓይኑ ጥሩ የሆነ ሰው ሊያነበው ይችላል አለ። ዳኛዋ አልሳቀችም፣ ከኋላ ያለ ሰው ግን ሳቀ።

ከዚያ የጥርስ ሐኪሟን ሰሌዳውን አይተሽው ታውቂያለሽ ወይ አለቻት። አላየሁም ብትል ማን ይከራከራታል? እሷ ግን አይቼዋለሁ አለች። አንድ ቀን ቦርሳዋን መኪና ውስጥ ረስታ ገብታ አይታዋለች። አማቻችን ተስፋው ለመለመ፣ ወደ እኔ ዞሮ ዓይኑን ጠቀሰኝ። እሷ ቀጠለች፦ አይቼ ሳቅሁ፣ ምክንያቱም በዚያው ጠዋት ጋሼ ቁልፌን ተቀብለው ሐሳቡም እኔ ጋ ብለውኛል፣ ከሰውየው ቃልና ከቆርቆሮ የቱን ልመን? ባለቤቴ አጠገቤ ሲተነፍስ ሰማሁት።

ዳኛዋ ብዕሯን አስቀምጣ እሱን ቀጥታ ጠየቀችው። አማቻችን በእኔ በኩል ይመለስ ብሎ ሊነሳ ሲል በእጇ አስቀመጠችው።

«አባቴ፣ ይህን ብለዋል?»

«ብያለሁ፣ ክብርት ዳኛ። ለሁሉም እላለሁ።»

«ዛፉ ሥር ያስገባት ማን ነው?»

«እኔ። ተራዋ ነበር።»

«ሽቦውስ? እንደሚበጠስ የጠረጠረ ሰው ነበር?»

አማቻችን የባለቤቴን ኮት በጣቱ ጎተተው። ባለቤቴ ኮቱን አስለቀቀ።

«እኔ ራሴ ጠርጥሬ ነበር። እየጠረጠርኩ ከሥሩ አቆምኳት። ነፋሱ አይደለም ጥፋተኛው፣ እኔ ነኝ።»

አማቻችን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ ግን ባለቤቴን አየሁት፣ ደረቱ ነፍቷል።

ዳኛዋ እዚያው ወሰነች። የተናገረችውን በራሴ ቋንቋ ልንገራችሁ። ቦታ ማከራየት አንድ ነገር ነው፣ አደራ መቀበል ሌላ። ደንበኛው ራሱ አቁሞ፣ ራሱ ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ቢሄድ የተከራየው መሬት ብቻ ነው ለማለት ይቻላል፤ ያኔ በር ላይ በጉልህ የተጻፈ፣ ከመግባቱ በፊት ያነበበው ማስታወቂያ ሊደመጥ ይችላል። ቁልፉን የተቀበለ ግን መኪናዋን ተቀብሏል፣ መጠበቅ ግዴታው ነው። የተደበቀ ማስታወቂያ ደግሞ ውል አይሆንም። ሴትየዋ አይታዋለች ቢባል እንኳ፣ በአፍ የተሰጣት ቃል ሰሌዳውን ያፈርሰዋል። ከሁሉም በላይ ሰው በገዛ ቸልተኝነቱ ያደረሰውን ጉዳት አስቀድሞ ግድግዳ ላይ ጽፎ ሊያመልጠው አይችልም፤ ቅርንጫፍ የማያወዛውዝ ነፋስ የለም፣ ይህም የሚታወቅ ነገር ነው። ስለዚህ የፊት መስታወቱን ተከሳሽ ያሠራል አለች።

አማቻችን ተስፋ አይቆርጥም፤ እሺ ቢሰረቅስ ኖሮ ብሎ ጠየቀ። ዳኛዋ የቀረበላት ክስ የስርቆት አለመሆኑን ከነገረችው በኋላ ለምክር ያህል ብላ መለሰችለት። አደራ ተቀባይ እንደ አስተዋይ ሰው ጠብቆ ሳለ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ቢደርስበትና ይህን ቢያስረዳ ሊድን ይችላል፤ የሚያድነው ግን ጥበቃው ነው፣ ሰሌዳው አይደለም አለችው። አማቻችን ይህን መዳፉ ላይ ጻፈው።

ኮሪደሩ ላይ ባለቤቴ የጥርስ ሐኪሟ ፊት ቆመና ለዚያ ሁሉ ጊዜ አፍኖ የያዘውን ይቅርታ አወጣው። እሷ አልተቆጣችም፣ አልሳቀችምም። «የተከፋሁት በመስታወቱ አይደለም፣ ጋሼ» ብላው ብቻ ሄደች።

መስታወቱን በሚቀጥለው ቀን አሠራን። ከዚያ ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረ። አማቻችን ዳኛዋ መንገዱን አሳይታናለች አለ፤ ቁልፍ አንቀበል፣ ሰሌዳውን በር ላይ እናውጣ፣ አለቀ። ያኔ እኔ ተነሳሁ። ያ ሰሌዳ በሕይወቱ የሠራው አንድ ሥራ መስታወት መስበር ነው አልኩ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፣ እኛም ሰው ስለሰቀለ ሰቀልን፣ ከተፈራ መድን ይገባል እንጂ ቆርቆሮ አይሰቀልም አልኩ። አማቻችን አፉን ሊከፍት ሲል የሱፉን ሒሳብ አስታወስኩት፣ ዘጋው። ግን ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ ወዲያ መድን ቤት ለመድን ቤት ተንከራትቶ፣ ውሉን ከነጥቃቅን ፊደሉ አንብቦ፣ ማቆሚያውን ያስመዘገበው እሱ ነው። ፍርሃቱም ለካ ቦታውን ካገኘ ይጠቅማል። በር ላይ አሁን የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀትም የእሱ ናት፦ እባክዎ ውድ ዕቃ መኪና ውስጥ አይተዉ።

ደንበኞቹ ቀስ በቀስ ቁልፍ መስጠት ጀመሩ። ባለቤቴ ጥላውን መከተል ጀመረ። ግን ያቺን ቃል አይላትም። ቁልፉን ይቀበላል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ምስማሩ ላይ ይሰቅላል። እኔ፣ የሰለቸችኝ ሴትዮ፣ ጠዋት ጠዋት የስፌት መኪናዬን አቁሜ ጆሮዬን እየቀሰርኩ ቃሏን እጠብቃለሁ። ወፍ የለም። ከምስማሮቹ መጀመሪያ ያለው፣ የጥርስ ሐኪሟ ቁልፍ የነበረበት፣ ባዶውን ነው፣ ሌላ ቁልፍ አይሰቅልበትም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ሱሪ እያሳጠርኩ የማውቀውን የሞተር ድምፅ ሰማሁ። የጥርስ ሐኪሟ በር ላይ ቆመች፣ መስታወቷን ዝቅ አደረገች። ባለቤቴ ከአግዳሚው ብድግ ለማለት ሲጣደፍ ሊወድቅ ነበር። እሷ ግቢውን አሻግራ ዛፉን አየች።

«ሰሌዳው የት ሄደ?» አለች።

ባለቤቴ የተቀመጠበትን አግዳሚ አሳያት። ከመድን በኋላ ብረቱን አጥፎ፣ እግር አበጅቶለት፣ መቀመጫ አድርጎታል። እኔ ትራስ ሰፍቼ ሸፍኜዋለሁ፤ ከትራሱ ጠርዝ ሥር «አንወስድም» የምትለው ቀይ ቃል ብቻ ብቅ ትላለች።

«እየተቀመጥኩበት ነው፣ ዶክተር» አላት።

ሴትዮዋ እስክታለቅስ ሳቀች። እሱም ሳቀ፣ አፉን በእጁ ሳይሸፍን፣ በጥርሷ። ከመኪናዋ ወርዳ ቁልፉን ዘረጋችለት፣ መዳፉ ላይ ከማሳረፏ በፊት ግን ያዝ አደረገችው።

«ቁልፉ እርስዎ ጋ ከሆነ፣ ሐሳቡስ ማን ጋ ነው?»

ባለቤቴ ቀና አለ።

«ሐሳቡም እኔ ጋ» አለ።

ሱሪው ላይ እንባዬ ተንጠባጠበ፤ የደንበኛ ሱሪ ነበርና መልሼ ማጠብ ግድ ሆነብኝ። ባለቤቴ ቁልፉን ከመጀመሪያው ምስማር ላይ ሰቀለው፣ ከዚያ መኪናዋን ወደ ፎቁ ጥላ ይዟት ገባ።